ሰኔ ሲመጣ የሚጠብ ቀበቶ

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ ለሌላው ሰው የክረምት መግቢያ ነው፤ ለእኛ ግን የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው። ሰኔ 30 እስኪያልፍ ድረስ ጠዋት 2 ሰዓት የገባ ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ ቢወጣ ዕድለኛ ነው። የንብረት ቆጠራው አለ። የባንክ ማስታረቂያው አለ። አልገጥም ያለች 340 ብርም አለች፤ ሦስት ሰው ሁለት ቀን ሙሉ የሚፈልጋት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንዱ የሰኔ ማታ፣ ራሴን ወጥ ቤት ውስጥ አገኘሁት። ጫማዬን አላወለቅኩም። ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነው። መብራት እንኳን አላበራሁም፤ የፍሪጁ ብርሃን በቅቶኛል። በአንድ እጄ ዳቦ፣ በሌላው የኦቾሎኒ ቅቤ የተዛቀበት ማንኪያ። እራቴ ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ እየጠበቀኝ ነበር። ዳቦውን ጨረስኩና እራቱንም በላሁ። ከዚያ ብስኩት ፍለጋ ተነሳሁ።

በዚያ ዓመት ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ከ76 ኪሎ ወደ 81 ገባሁ። ጂም ውስጥ 90 ኪሎ ተሸክሜ ስኳት የሚባለውን ቁጭ ብድግ አምስት ጊዜ እሠራ የነበርኩት ሰውዬ 70 ኪሎ ከበደኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሥራው ያው፣ አለቃው ያው፣ የምንወጣበት ሰዓትም ያው ነበር። ክብደቴ ግን አንድ ኪሎ እንኳን አልጨመረም፤ 90ዋም ከትከሻዬ አልወረደችም። በሁለቱ ዓመታት መካከል የቀየርኩትን ነው በቅደም ተከተል የምጽፍላችሁ። የእናንተ ሰኔ ሌላ ወር ላይ ሊሆን ይችላል፤ ወሩን ለውጡት።

መጀመሪያ ኮርቲሶል የሚባለውን እንወቀው

ብዙ ሰው ኮርቲሶልን እንደ መርዝ ያወራዋል። መርዝ አይደለም። ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች የሚያመነጩት ሆርሞን ነው፤ ያለ እሱ መኖር አይቻልም። የራሱ ሰዓትም አለው። ከእንቅልፍ በነቃን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል። ቀኑን ሙሉ እየወረደ ይሄድና እኩለ ሌሊት አካባቢ በጣም ዝቅ ይላል። ዋና ሥራው ጉልበት ማቅረብ ነው፤ ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያዛል።

ጫና ሲመጣ ነገሩ በሁለት ዙር ይሄዳል። ኦዲተሩ በር ላይ ቆሞ «ያ ደረሰኝ የታለ?» ሲል መጀመሪያ የሚነሳው አድሬናሊን ነው። ያን ጊዜ ሆድ ይዘጋል። ምሳ ሰዓት ላይ «አልራበኝም» የምንለው ለዚህ ነው፤ እውነታችንን ነው፣ አልራበንም። ኮርቲሶል ግን ቀስ ብሎ ከኋላ ይመጣል፣ ቶሎም አይሄድም። የወጣውን ጉልበት መልሱ እያለ የምግብ ፍላጎትን ይቀሰቅሳል። የሚያስመኘንም ጎመን አይደለም፤ ጣፋጭና ቅባት ያለው ነገር ነው። ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ ቸኮሌት።

መብላቱ ደግሞ በእርግጥ ያረጋጋል። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረችው ሜሪ ዳልማን ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ጽሑፍ ይህን በአይጦች አሳይታለች፦ ለረጅም ጊዜ የተጨነቁ አይጦች ስብና ስኳር ሲያገኙ የጭንቀት ሥርዓታቸው በረድ ይላል። እኛም ፍሪጁ ጋ የምንሄደው ስለሚሠራ ነው። «አትብላ» የሚለው ምክር የማይይዘውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የሚያረጋጋውን ይቀማል፣ በምትኩ ግን ምንም አይሰጥም።

ሁሉም ሰው ሲጨነቅ ይበላል ማለት አይደለም። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ በሰኔ ትከሳለች። እሷ የምትፈልገው መመሪያ ሌላ ነው።

«ኮርቲሶል ቦርጭ ያወጣል» የሚለውንም እዚሁ ላንሳው። ኮርቲሶል ከአየር ላይ ስብ አይሠራም። ከልክ ካለፈ ስብ ሆድ አካባቢ እንዲከማች ያግዛል፤ የእኛን የሰኔ ቦርጭ የሚያወጣው ግን በአብዛኛው በእሱ ግፊት የበላነው፣ ያልተኛነውና ያልተንቀሳቀስነው ነው። ስለዚህ «ኮርቲሶል ቀንስ» ተብሎ ለሚሸጥ እንክብል ብሬን አላወጣም። የሚስተካከለው ሰዓቱ ነው።

1. አራት ቀን ጻፉ

ምንም ሳትቀይሩ አራት የሥራ ቀን መዝግቡ። ሦስት ነገር ይበቃል፦ ሰዓቱ፣ የበላችሁት፣ ከዚያ በፊት የነበረው ነገር። ካሎሪ አትቁጠሩ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ልቆጥር ሞክሬ በሁለተኛው ቀን ትቼዋለሁ፤ ቀን ሙሉ ቁጥር ሲያስታርቅ የዋለ ሰው ማታ የሽሮ ሂሳብ መሥራት አይችልም።

የእኔ ሰኞ ይህን ይመስል ነበር። ጠዋት 1፡30 ዳቦ በሻይ። 4፡00 ማኪያቶ። ምሳ የለም፤ ስብሰባ ነበር። 9፡00 ማኪያቶ። 10፡30 ሁለት ሳምቡሳ፣ ቆሜ፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ። 12፡00 ሌላ ማኪያቶ። ማታ 3፡20 ቤት፦ ዳቦ፣ ኦቾሎኒ ቅቤ፣ እራት፣ ብስኩት። «ከዚያ በፊት» በሚለው ቦታ ላይ የጻፍኩት «ታክሲ ውስጥ አለቃዬ ደወለ» የሚል ነበር።

አራቱን ቀን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛ፣ የማታው የመብላት ጎርፍ የሚመጣው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ነው፤ ከማታው 3፡20 እስከ 4፡00። ሁለተኛ፣ ከጎርፉ በፊት ለብዙ ሰዓት ምግብ የሚባል ነገር አልበላሁም። ጥፋቱን በሙሉ በስሜቴ ላይ አላክኬው ነበር፤ ለካ ግማሹ ተራ ርሃብ ነው።

ሁለቱን ርሃብ መለየት ይቻላል። ራሳችሁን እንዲህ ጠይቁ፦ አሁን ሽሮ በእንጀራ ቢቀርብልኝ እበላለሁ? አዎ ካላችሁ ርቧችኋል፤ ብሉ። ሽሮው አስጠልቷችሁ ብስኩቱ ብቻ ከታያችሁ የሚበላው ጭንቀቱ ነው። ይህ ጥያቄ ግን ምሳ ለዘለለ ሰው አይሠራም። ለእሱ ሁለቱ ርሃቦች ተደርበው ስለሚመጡ ሽሮውንም ብስኩቱንም ይበላል። ቀጣዩ እርምጃ ከምግብ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

2. ምሳ በሰዓት፣ መክሰስ በ10

ከሁሉም እርምጃዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ምሳ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ይበላል፤ ራበም አልራበም። በጫና ቀን የሆድን ምልክት አትጠብቁ፤ አድሬናሊን ዘግቶታል። በሰዓት ብሉ፣ መድኃኒት እንደሚዋጥ። ለመውጣት ጊዜ ከሌለ ምሳ ዕቃ ያዙ። ምሳ ዕቃ ይዞ መምጣት ደረጃ ዝቅ የሚያደርግ የሚመስላቸው መሥሪያ ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ለሁለት ሳምንት ይስቁባችኋል፣ ከዚያ ይቀምሱላችኋል።

ምን ይያዝ? በአንድ ምሳ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን መግባት አለበት፤ ጡንቻን የሚይዘውም፣ ማታ ድረስ የሚያቆየውም እሱ ነው። የሰኔ ጾም ብዙ ጊዜ ከሂሳብ መዝጊያው ጋር ስለሚገጥምና ሐምሌ 5 ስለሚፈታ፣ ለሚጾም ሰው ከጾም ምግብ ልጀምር። አንድ ብርጭቆ ያህል የተቀቀለ ምስር 18 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አለው። ምስር ወጡን ወፈር አድርጋችሁ፣ አንድ እንጀራና ጎመን ጨምሩበት፤ ሞላላችሁ። ችግሩ ቀጭን ሽሮ ነው። ሁለት እንጀራ በቀጭን ሽሮ የበላ ሰው የጠገበ ይመስለዋል፤ 9 ሰዓት ላይ ግን ባዶ ነው። ለፍስክ ሦስት እንቁላል 18 ግራም ነው፤ ከዳቦና ከሰላጣ ጋር በቂ ምሳ ይሆናል።

መክሰሱ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ዓላማው ማታ 3 ሰዓት ላይ ቤት የሚገባው ሰው የተራበ እንዳይሆን ነው። እኔ መሳቢያዬ ውስጥ በሶ በዕቃ አኖራለሁ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በውኃ አሽቼ፣ ጨውና ትንሽ በርበሬ አድርጌ እበላዋለሁ፤ ከጎኑ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ። አንዳንድ ቀን ሙዝና የሽምብራ ቆሎ። ባልጾምበት ጊዜ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። በሶውን በስኳር ካሹት መክሰስ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ቦምቦሊኖ ይሆናል። ሌላው ቆሎ ነው። ቆሎ ጥሩ ምግብ ነው፤ ከፌስታል እየዘገኑ ኤክሴል ላይ አፍጥጦ መቆርጠም ግን ልክ የለውም። መቶ ግራም ቆሎ ከአራት ቁራጭ ዳቦ ያላነሰ ካሎሪ አለው፣ መቶ ግራም ደግሞ ሳይታወቅ ያልቃል። በቡና ሲኒ ስፈሩት። አንድ ሲኒ፣ ከዚያ ፌስታሉ ታስሮ ወደ መሳቢያ።

3. ከበሩ እስከ እራቱ ሃያ ደቂቃ

ምሳና መክሰሱ ከተስተካከለ በኋላ የማታው ጎርፍ በእኔ ላይ በግማሽ ቀነሰ። የቀረው ግማሽ ጭንቀቱ ራሱ ነው። ለእሱ የሠራሁት ነገር የበሩን ሥርዓት መቀየር ነው።

ቀድሞ ከበሩ ቀጥታ ወደ ፍሪጁ ነበር። አሁን ቅደም ተከተሉ ተለወጠ። ቦርሳና ጫማ በር ላይ ይቀራሉ። ፊቴንና እግሬን ታጥቤ ልብስ እቀይራለሁ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ለአምስት ደቂቃ በቀስታ እተነፍሳለሁ፤ እስከ 4 እየቆጠርኩ አስገባለሁ፣ እስከ 6 እየቆጠርኩ አስወጣለሁ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይመጣል። ማስወጫው ሲረዝም የልብ ምት ዝቅ ይላል፤ ጣታችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው እራት፤ ተቀምጦ፣ መብራት በርቶ፣ ሳህን ላይ።

እራት ከተበላ በኋላም ጣፋጭ ካሰኘኝ እበላለሁ። አንድ ብስኩት፣ ሳህን ላይ፣ ተቀምጬ። ክልከላ የለም፤ ቦታና ሰዓት ብቻ ነው የተሰጠው። የሃያ ደቂቃው ጥቅም ይህ ነው፦ ጥድፊያው ሲበርድ ሦስቱ ብስኩት አንድ ይሆናል።

ይህን ብቻዬን አላደረግኩትም። ለባለቤቴ የመጀመሪያውን ሳምንት ታሪክ ነግሬያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሳሎን ሆና «ጫማህን!» ትላለች፤ ሌላ ምንም አትልም። «ደግሞ ልትበላ ነው?» ብትለኝ ኖሮ ተደብቄ እበላ ነበር። ቤት ውስጥ ሰው የሚያግዛችሁ ከሆነ ስለ ጫማው እንጂ ስለ ምግቡ እንዳያወራ ለምኑት።

መንገዱንም ተመልከቱ። እኔ ከታክሲ የምወርደው ኬክ ቤት በር ላይ ነበር። አንድ ፌርማታ ቀድሜ መውረድ ጀመርኩ። ስምንት ደቂቃ የእግር መንገድ ጨመረልኝ፣ ኬክ ቤቷንም አሳለፈኝ።

አንድ ማታ ይበላሻል፤ መበላሸቱ አይቀርም። ትልቁ ስህተት የሚመጣው በማግስቱ ነው። «ለማካካስ» ተብሎ ቁርስና ምሳ ይዘለላል። ያ ማለት በቀጥታ ወደ ሰኞዬ መመለስ ነው፦ ባዶ ሆድ፣ ሦስት ማኪያቶ፣ ማታ ጎርፍ። ከተበላሸ ማታ በኋላ ያለው ቀን እንደማንኛውም ቀን ይበላበታል። ቁርስ በሰዓቱ፣ ምሳ በሰዓቱ።

4. ጂሙን አትተዉ፣ ቁረጡት

በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁት ስህተት የብዙ ሰው ስህተት ነው። በሳምንት አራት ቀን እሠራ ነበር። ሰኔ ሲገባ አራቱን ማድረግ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ዜሮ አደረግኩት። «ካልሆነ ሙሉውን በሐምሌ እመለሳለሁ።»

ጡንቻን ለመጨመር የሚያስፈልገው ሥራና ያለውን ለማቆየት የሚያስፈልገው ሥራ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸው ሰው ከሚያስበው በጣም ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በበርሚንግሃም የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎቹ ለ16 ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን እግራቸውን አሠሩ፤ ሦስት ዓይነት እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱ ሦስት ዙር፣ በሳምንት 27 ዙር ማለት ነው፤ ዙር የምለው ሳያርፉ ተከታትሎ የሚደጋገመውን ነው። ከዚያ ለ32 ሳምንት ከፊሉ ወደ ዘጠኝ ዙር፣ ከፊሉ ደግሞ ወደ ሦስት ዙር ወረዱ፣ በሳምንት አንድ ቀን። ከ20 እስከ 35 ዓመት ያሉት በሳምንት ሦስት ዙር ብቻ እየሠሩ እንኳን የገነቡትን ጡንቻ ይዘው ቆዩ። ከ60 በላይ የሆኑት ጉልበታቸውን በአብዛኛው ያዙ፣ የጡንቻው መጠን ግን ቀነሰባቸው። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ ሰው እንደ ወጣቱ አይቁረጥ።

ቁልፉ ክብደቱ አለመቀነሱ ነው። ዙሩን ቁረጡ፣ ቀኑን ቁረጡ፣ ብረቱን ግን ባለበት ተዉት። ሰው በጫና ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ «ዛሬ ደክሞኛል» ብሎ ቀላል ብረት ያነሳና ሠላሳ ጊዜ ይደጋግመዋል። ድካሙን ያገኛል፣ ጡንቻው ግን ከባዱን የሚይዝበት ምክንያት አይሰጠውም።

የእኔ የሰኔ ፕሮግራም ሁለት ቀን ነበር፣ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ረቡዕ ጠዋት ከሥራ በፊትና ቅዳሜ ከሰዓት። ረቡዕ ስኳት፣ ተኝቶ ብረት የሚገፋበት ቤንች ፕሬስና ወደ ራስ የመሳብ ሥራ። ቅዳሜ ብረት ከመሬት የሚነሳበት ዴድሊፍት፣ የትከሻ ፕሬስና ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ፣ ፑል አፕ። ለስኳቱ በባዶው ብረት፣ በ50 እና በ70 ኪሎ እሟሟቃለሁ። ከዚያ 90 ኪሎ አምስት ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ቀድሞ አምስት ዙር ነበር። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ድግግሞሽ ጉልበት ሲቀረኝ አቆማለሁ፤ እስከ መጨረሻው መታገል ለሰኔ አይሆንም።

ሌሊቱን ከአምስት ሰዓት በታች ከተኛሁ አንድ ዙር ብቻ ሠርቼ እወጣለሁ። በማሟሟቂያው ላይ 70ዋ ከወትሮው ከከበደች ለዚያ ቀን 90ዋን 85 አደርጋታለሁ። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትመለሳለች። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ካልተመለሰች ግን ችግሩ ጂሙ ውስጥ አይደለም። ምሳችሁን ወይም እንቅልፋችሁን ተመልከቱ።

ጂም መሄድ ጨርሶ ካልተቻለ ጀሪካን አለ። 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። አጎንብሳችሁ በአንድ እጅ ወደ ወገብ ሳቡት፤ ለጀርባ ነው። አንድ እግር ወንበር ላይ ወደ ኋላ አስቀምጣችሁ በሌላው ቁጭ ብድግ፣ ቦርሳ በመጽሐፍ ሞልታችሁ ጀርባ ላይ አድርጋችሁ። ፑሽአፕ እግር ከፍ አድርጎ። ከእያንዳንዱ ሁለት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። 90 ኪሎ ስኳትን አይተካም፤ ከዜሮ ጋር ግን አይነጻጸርም።

ማታ 4 ሰዓት ላይ «ጭንቀቱን ላውጣው» ብለው እስከ ማላብ የሚሮጡ አሉ። አልመክርም። አንዳንዱ ሰው ይተኛል፤ እኔን የመሰለው ግን ልቡ እየመታ ጣሪያ ሲያይ ያመሻል። ከምሳ በኋላ አሥር ደቂቃ መራመድ ይሻላል።

5. እንቅልፍና የመጨረሻዋ ማኪያቶ

እ.ኤ.አ. በ2010 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ትንሽ ጥናት አለ፤ አሥር ሰው ብቻ ነው። ክብደት የሚቀንሱ ሰዎች ነበሩ። ለ14 ቀን በሌሊት 8 ሰዓት ተኩል፣ ለሌላ 14 ቀን ደግሞ 5 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ካሎሪው ተመሳሳይ ነበር። በሁለቱም 3 ኪሎ ያህል ቀነሱ። በደንብ ሲተኙ ከዚያ ውስጥ 1.4 ኪሎው ስብ ነበር። ሲያጥራቸው ስቡ 0.6 ኪሎ ብቻ ሆነ፤ የቀረው ጡንቻን ጨምሮ ስብ ካልሆነው የሰውነት ክፍል ሄደ። ሚዛኑ ላይ ልዩነት የለም፣ መስተዋቱ ላይ ግን አለ።

በሰኔ 8 ሰዓት ተኛ አልልም፤ እኔም አልተኛሁም። የያዝኩት 6 ሰዓት ተኩል ነበር። እሱንም ያገኘሁት ከቡናው ነው። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 12 ሰዓት ላይ የጠጣሁት ማኪያቶ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ውስጤ ነበር ማለት ነው። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ደግሞ ጊዜው እጥፍ ያህል ይረዝምባታል። የመጨረሻዋን ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አድርጉ። ለ12 ሰዓቷ ማኪያቶ ምትክ የሆነኝ የዝንጅብል ሻይ ነው፤ የምፈልገው ከቢሮ ወጥቶ መጠጣቱን እንጂ ካፌይኑን አልነበረም።

6. ሚዛኑን በትክክል አንብቡ

በሰኔ ክብደት ለመቀነስ አትሞክሩ። ግቡ ባለበት ማቆየት ነው። ምግብ መቀነስ ራሱ ለሰውነት አንድ ተጨማሪ ጫና ነው፤ በላዩ ላይ ሥራውና እንቅልፍ ማጣቱ ሲደረብ የማታው ጎርፍ ይመለሳል።

አንድ ጠዋት ሚዛኑ 1 ኪሎ ተኩል ጨምሮ ያስደነግጣችኋል። ስብ አይደለም። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው፤ በአንድ ማታ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ያን ያህል አልበላችሁም። ጨው የበዛበት እራት፣ ከእንጀራና ከዳቦ ጋር የተከማቸ ውኃ፣ ያልተለቀቀ ሆድ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከመዘናችሁ የሰባቱን ቀን አማካይ ብቻ ተመልከቱ። ካልሆነ ሜትር ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ እምብርት ላይ፣ ሆድ ሳይሳብ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወገቡ 2 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ ያ እውነት ነው። ያን ጊዜ ወደ አራት ቀኑ ማስታወሻ ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ የ10 ሰዓቱ መክሰስ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ።

ሐኪም ጋ የሚያስኬድ

ፊት እየከበበ፣ ሆድ እየገፋ እግርና ክንድ ከቀጠነ፣ ሆድ ላይ ሰፋፊ ሐምራዊ ስንጥቅ ከወጣ፣ ቆዳ በትንሽ ግጭት ከበለዘ፣ ከወንበር ለመነሳት ጭን ካቃተው፣ ይህ የሥራ ጫና አይደለም። ኮርቲሶል በሕመም ወይም በመድኃኒት ከልክ ሲያልፍ የሚያሳየው ምልክት ነው። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ላይም ይመጣል። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ በድንገት አታቁሙት፤ አደገኛ ነው፣ የሚቀንሰው ሐኪም ነው። በዘፈቀደ ሰዓት አንድ ጊዜ የተወሰደ የኮርቲሶል የደም ምርመራ ስለ ሥራ ጭንቀታችሁ ምንም አይነግራችሁም፤ ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ማታ የሚበላው ነገር ማቆም እስከማይቻል ድረስ ከሆነ፣ ተደብቆ ከሆነ፣ ከዚያም ማስታወክ ወይም ራስን መጥላት ካለ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ይኬድ። የጫማው ዘዴ ለዚያ አይበቃም።

7. ሐምሌ ሲገባ

ሐምሌ 1 ቀን በሳምንት የአራት ቀኑን ሙሉ ፕሮግራም አትጀምሩ። ወሩን ሙሉ ሁለት ዙር የለመደ ጭን አምስት ዙር ሲጫንበት ሦስት ቀን ደረጃ መውረድ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ዙር ጨምሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሦስተኛ ቀን ጨምሩ። ብረቱን መጨመር የምትጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በ2 ኪሎ ተኩል።

የሁለተኛው ዓመት ማስታወሻዬ አሁንም አለ። ሚዛኑ ግንቦት 1 ላይ 77፣ ሐምሌ 15 ላይ 77.6 ይላል። የሰኔ 30 ገጽ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ «ቤት 5፡10። እግር ታጠብኩ። ሽሮ፣ አንድ ተኩል እንጀራ። ብስኩት አንድ።» 340 ብሯ ደግሞ ሐምሌ 3 ቀን ተገኘች። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ የነዳጅ ደረሰኝ ነበር።